ጥያቄው ከላይ ወይስ ከታች?

ኮምቦልቻ ሆኜ ደሴ ላሉት ኃላፊያችን መኪና ለመጠየቅ ኢሜይል ጻፍኩ። የመጀመሪያው ቅጂ «እንደሚታወቀው ባለፈው ወር ወደ ሐይቅ የተላከው ዕቃ...» ብሎ ይጀምራል። ጥያቄው አራተኛው አንቀጽ ላይ ነው። ስልክ ላይ ግን ሳይከፈት የሚታየው ርዕሱና የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ናቸው። ሪፖርት መስሏቸው ቢያልፉት አይፈረድባቸውም።

ሁለተኛው እንዲህ ሆነ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሐሙስ ጠዋት ወደ ሐይቅ የሚሄድ አንድ ፒካፕ እንዲፈቅዱልን እጠይቃለሁ። መልሱን እስከ ማክሰኞ 10 ሰዓት ብናገኝ ሾፌሩን እናዘጋጃለን። ምክንያቱ ከታች አለ።» ርዕሱም ከ«ሰላምታ» ወደ «የሐሙስ መኪና ፈቃድ» ተቀየረ።

እኛ ወሎዎች ሰላምታ ሳንጠግብ ጉዳይ ውስጥ መግባት ይከብደናል። ለኢሜይል ግን አንድ መስመር ይበቃል፤ አክብሮቱን «እንዲፈቅዱልን» የሚለው ይሸከመዋል።

አንቀጽ ሲዘዋወር «ከላይ እንደገለጽኩት» የሚል ሐረግ ያለቦታው ይቀራል። እኔም አንድ አገኘሁና አጠፋሁት።