20 ወይስ 40 ቮልዩም?

ባሕር ዳር ውስጥ ለሰርጓ ፀጉሯን ልታነጣ ሳሎን የገባች ሴት በቅድሚያ መጠየቅ ያለባት የማንጫ ዱቄቱ በምን ያህል ጥንካሬ ባለው ፐሮክሳይድ እንደሚበጠበጥ ነው። 40 ቮልዩም፣ ማለትም 12 በመቶው፣ ቶሎ ያነጣል፤ የራስ ቆዳ ከነካ ግን ያቃጥላል፣ ካስክ ሲጨመርበትማ ይብሳል። 20 ቮልዩም (6 በመቶ) ዘገምተኛ ነው፤ ጥቁር ፀጉር ብዙውን ጊዜ ብርቱካናማ ላይ ይቆምበታል። ሙሽራዋን ቅር ቢላትም እኔ የምመርጠው እሱን ነው፤ ቀሪው ከሳምንታት በኋላ ይደገማል። ቆዳው መለብለብ ከጀመረ ሰዓቱ እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል።

ከታጠበ በኋላ አንድ እርጥብ ዘለላ በቀስታ ሳብ አድርጎ መልቀቅ ነው። ተመልሶ ከተሰበሰበ ደህና ነው። እንደ ማስቲካ ተለጥጦ ከቀረ ግን ድጋሚ ማንጣት አይታሰብም፤ የፕሮቲን ማስክ፣ ቀጥሎም ማለስለሻ ያስፈልገዋል። ፕሮቲኑም ከበዛ ፀጉሩን አድርቆ ይሰባብረዋል።