እናቴን ስማርት ስልክ ላስተማረልኝ ወጣት ምስጋና፣ ለሌሎችም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በአዲስ አበባ ጉለሌ አካባቢ ስልክ በመጠገን የሚተዳደር አንድ ወጣትን ለማመስገንና፣ እንደ እኔ ወላጆቻቸውን አገር ቤት ትተው ውጭ ለሚኖሩ ሰዎች ለመጠቆም ነው። ስሙ እንዲጠቀስ አልፈለገም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሰው ግን አገናኘዋለሁ።

እናቴ 70 ዓመቷ ነው። ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስለሆነ ማንበብም መጻፍም ትችላለች። ከዋሽንግተን የላክሁላት ስልክ ግን አልገራላትም፤ በዋትሳፕ ስደውልላት አንዳንድ ቀን ታነሳለች፣ ብዙውን ጊዜ ግን ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል። «እማዬ፣ አረንጓዴውን ንኪው አላልኩሽም?» እያልኩ እቆጣት ነበር፤ መርሳት የጀመራት መስሎኝ ለእህቴም ይህንኑ ነግሬያታለሁ።

ወጣቱ በመጀመሪያው ቀን ምንም አላስተማራትም። አጠገቧ ተቀምጦ ከራሱ ስልክ ደጋግሞ እየደወለላት ጣቷን ብቻ ሲመለከት ቆየ፤ ችግሩም የመርሳት አለመሆኑን ያወቀው በዚህ ነው። ስልኩ ተከፍቶ ባለበት ጊዜ ሲጠራ ከስክሪኑ አናት ላይ ትንሽ ሳጥን ትመጣለች፤ መልስ የሚለውን አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል። ተቆልፎ ሳለ ሲጠራ ግን አረንጓዴው ምልክት ወደ ላይ ካልተገፋ አይነሳም። እናቴ በሁለቱም ጊዜ እኔ እንዳልኳት ትነካው ነበር፤ ስልኩ የሚታዘዛት ግን በአንደኛው ብቻ ነው። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ አልነበረም።

ከዚያ የስልኩን ሴቲንግ ለእሷ እጅ እንዲመች አድርጎ ለወጠው። በ30 ሰከንድ ይጠፋ የነበረው ስክሪን 10 ደቂቃ እንዲቆይ አደረገ፤ እሷ ቀስ ብላ ስታነብ በመሃል ሲጨልምባት የተበላሸ ይመስላት ነበርና። ስክሪኑን ስትነካ ጣቷን ቶሎ ስለማታነሳ፣ ስልኩ ተጭና የያዘች እየመሰለው ምልክቶቹን ከቦታቸው ያፈናቅልባት ነበር፤ ይህንንም ስልኩ ረዘም ያለ ንክኪ እንዲጠብቅ በማድረግ አስቀረው። ስክሪኑ እንዳይጫርባት ሰግታ በጥፍሯ ጫፍ ትነካው እንደነበርም አይቶ፣ ስክሪኑ የሚሰማው ቆዳን እንጂ ጥፍርን አለመሆኑን አስረዳት። ከፊት ገጹ ላይ አራት ምልክቶች ብቻ አስቀረ፤ ከታች ሦስቱ ቁልፎች እንዲታዩ አድርጎም የመካከለኛዋን ክብ «ወደ ቤት መመለሻ» አላት። የትም ብትጠፋ ያችን ከነካች ወደ አራቱ ምልክቶች ትመለሳለች።

የማስተማር ዘዴው ነው ይበልጥ የገረመኝ። በአንድ ቀን ከአንድ ነገር በላይ አያስተምርም፣ የእሷንም ስልክ በእጁ አይዝም። የሚመጣው ቡና በሚፈላበት ሰዓት ነው፤ አቦል ሲጠጣ ይደውልላታል፣ ቶና ሲቀርብ እንደገና፣ በረካ ላይ ደግሞ ሳያስጠነቅቃት ከደጅ ወጥቶ ይደውላል። በመካከሉ የሚወራው ሌላ ነገር ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ጥሪ ትንሽ ከተረሳ በኋላ የሚታወስ ይሆናል። ቀጥሎ በማግስቱ፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያም በሳምንቱ እየመጣ ያንኑ ይደግማል። ስትሳሳት «አይደለም» አይላትም፤ «እማማ፣ ወደ ቤት ይመለሱና እንደገና እንየው» ይላታል። ማስታወሻውን የምትጽፈው ራሷ ናት፤ ደብተሯ ላይ «ጨለማ ሆኖ ከጠራ ወደ ላይ ግፊ፣ ብርሃን ሆኖ ከጠራ ንኪ» ብላ ጽፋለች።

በሁለተኛው ወር ወደ ቴሌብር ተሻገሩ። የሚስጥር ቁጥሯን ስትጽፍ ፊቱን ያዞራል፤ ለእሱም ሆነ ለእኔ እንዳትነግር አስምሏታል። አንድ ቀን ከእህቴ ስልክ «5,000 ብር ገብቶልዎታል» የሚል አጭር መልእክት ላከባት፤ እሷም አምና ደስ ብሏት ነበር። ያኔ የቴሌብር መልእክት ከ127 እንደሚመጣ አሳያት። የላኪ ስም ግን ሊመሰል ስለሚችል፣ ገንዘብ ገባ ሲባል ቀሪ ሂሳቧን ከፍታ ሳታይ «በስህተት የላክሁትን መልሽልኝ» ለሚል ሰው መልስ እንዳትሰጥ አስጠነቀቃት። ይህም ደብተሩ ላይ በቀይ ስክሪብቶ ሰፍሯል።

ለአንድ ጉብኝት 400 ብር ተቀብሎናል። በአንድ ቀን ሁሉንም አሳይቶ እንዲሄድ የሚፈልግን ሰው ሥራ አይቀበልም፤ ቤቱ ውስጥ ያሉ ልጆችም ትምህርቱ ሳያልቅ የስልኩን ምልክቶች እንዳይነካኩ ቃል ያስገባል። እናቴ አሁን ጥሪዬን ታነሳለች፤ ያመለጣትን ጥሪ አይታ መልሳ መደወልን ግን ገና አልተማረችም፣ የሚጀምሩት በሚመጣው ወር ነው።