ነጥብ ማሳሳት፣ የአቻ ቡድን ዳራ ወይስ የአሰሳ ካርታ? የመገኛ መዝገብ ብቻ ላላቸው ንጽጽር

የአንድ ወፍ 100 የመገኛ መዝገቦች አሉ እንበል። 60ዎቹ የተመዘገቡት ከመንገድ 2 ኪሎ ሜትር ሳይርቁ ነው። ለመንገድ እንዲህ የቀረበው መሬት ግን ከጠቅላላው 10 በመቶ ብቻ ነው። ወፉ አይታወቅም እንጂ ተመልካቾቹ መንገድ እንደሚወዱ ግልጽ ነው።

አሁን ወፉ የት ሊኖር እንደሚችል የሚገምት፣ ግን ስለ ወፉ ምንም የማያውቅ ሞዴል እናስብ። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ለመንገድ ዳር ከፍ ያለ ውጤት፣ ለቀረው ዝቅ ያለ። ኤዩሲ የሚለካው አንድ የመገኛ ነጥብና ለማነጻጸሪያ ከአካባቢው የተወሰደ አንድ የዳራ ነጥብ በዕጣ ቢወጡ ሞዴሉ ለመገኛው የበለጠ ውጤት የመስጠት ዕድሉን ነው፤ እኩል ከሆኑ ግማሽ ይቆጠራል። በዚህ ሞዴል ስሌቱ አጭር ነው፦ 0.5 + (0.6 − 0.1)/2 = 0.75። ብዙዎች «ደህና ነው» ብለው የሚያልፉት ቁጥር ስለ ወፉ ቅንጣት ዕውቀት ሳይኖር ተገኘ።

«መንገድን በግብዓት ውስጥ አላስገባሁም» ማለት አያድንም። መንገድ ሜዳውን፣ ሸለቆውንና ሰው የሰፈረበትን ከፍታ ተከትሎ ስለሚሄድ፣ የሙቀትና የከፍታ ንጣፎች ያንኑ አድልዎ በሌላ ስም ይዘውት ይመጣሉ። ከመገኛ መዝገብ የዝርያን ስርጭት የሚገምተው ማክሴንት የተባለ ፕሮግራም ቅንብሩ ሳይነካ ሲሠራ 10,000 የዳራ ነጥቦችን ከመላው አካባቢ እኩል ዕድል ሰጥቶ ይወስዳል፤ ችግሩ የሚፈጠረው መገኛው አድሏዊ ሆኖ ዳራው አድልዎ የሌለበት ሲሆን ነው። መፍትሔዎቹ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ መገኛውን ይነካል፣ ሁለቱ ዳራውን።

ማሳሳት

ቡቃያ ሲበዛ እንደሚሳሳ ሁሉ፣ ከተወሰነ ርቀት በታች የተጠጋጉ ነጥቦች ይነቀላሉ። በአር ቋንቋ እንዲህ ነው፦

```r
spThin::thin(loc.data = d, lat.col = "lat",
  long.col = "lon", spec.col = "sp",
  thin.par = 10, reps = 100,
  locs.thinned.list.return = TRUE,
  write.files = FALSE, write.log.file = FALSE)
```

`thin.par` በኪሎ ሜትር ነው። `reps` የሚደጋገመው የሚነቀለው ነጥብ በዕጣ ስለሚመረጥ ነው፤ ከድግግሞሾቹ ብዙ ነጥብ ያስቀረውን ይውሰዱ።

በምሳሌያችን ከመንገድ ዳር 25፣ ከሩቁ 30 ቀሩ እንበል። የመንገድ ዳሩ ድርሻ ከ60 ወደ 45 በመቶ ወረደ፤ የዚያ ባዶ ሞዴል ኤዩሲም 0.68 ገደማ ሆነ። ተሻሻለ፣ ግን አልተፈወሰም። ማሳሳት አንድ ቦታ የተከመሩ መዝገቦችን ይበትናል እንጂ ማንም ያልረገጠውን ተራራ አያስጎበኝም። በዚያ ላይ 45 መዝገብ ተጥሏል። ጠቅላላ መዝገቡ 30 ለሆነ ዝርያ ይህ ዋጋ ከባድ ነው። ሌላ ምንም መረጃ ከሌለ፣ መዝገቡም በመቶዎች ከሆነ ግን ቀላሉ ምርጫ ይኸው ነው።

የአቻ ቡድን ዳራ

እዚህ መገኛው አይነካም። የዳራ ነጥቦቹ የሚወሰዱት ያው ተመልካቾች፣ በዚያው ዘዴ የመዘገቧቸው ሌሎች ዝርያዎች ከተገኙበት ቦታ ነው። ወፍ ከሆነ የመላ ወፎች መዝገብ። ተመልካቾቹ መንገድ ስለሚወዱ ከዳራውም 60 በመቶው መንገድ ዳር ይወድቃል፤ ባዶው ሞዴል 0.5 + (0.6 − 0.6)/2፣ ማለትም 0.5 ያገኛል። የመንገዱ ትርፍ ሙሉ በሙሉ ጠፋ፤ ከ0.5 በላይ የሚቀረው ከዝርያው ጠባይ የመጣ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በቡድን ምርጫ ነው። ለአንድ የውሃ ወፍ የውሃ ወፎችን ብቻ በአቻነት ከወሰዱ ዳራው ሁሉ ረግረግ ላይ ይሆናል፤ ሞዴሉም ውሃ ለዚህ ወፍ ለውጥ እንደማያመጣ ይማራል። ቡድኑ በአካሄድ አንድ፣ በመኖሪያ ግን የተለያየ መሆን አለበት። ሌሊት በድምፅ ለሚቆጠር ጉጉት የቀን ወፎች መዝገብ አቻ አይደለም፤ ተመልካቾቹም ሰዓቱም ሌላ ናቸው።

ሁለተኛው ስህተት ስውር ነው። ማክሴንት በነባሪ ቅንብሩ በአንድ ፒክስል ውስጥ የተደጋገሙ መገኛዎችን ወደ አንድ ያወርዳል። የአቻ ቡድኑን መዝገብ ግን ከነድግግሞሹ ካስገቡ ከተማ ዳር ያለው ፒክስል መቶ ጊዜ ይቆጠራል፣ እርማቱም ከልክ ያልፋል። በሁለቱም ወገን አንድ ፒክስል አንድ ጊዜ፣ አለዚያም በሁለቱም ወገን እያንዳንዱ ጉብኝት ይቆጠር።

ጉድለቱም አለው። ማንም ያልሄደበት በረሃ የዳራ ነጥብ ስለማይደርሰው ሞዴሉ እዚያ ካየው ክልል ውጭ ይገምታል። ምልክቱ ካርታው ላይ ይታያል፦ ማንም ያልጎበኘው ጥግ በድንገት ደማቅ ተስማሚ ቦታ ሆኖ ብቅ ይላል። ያን ክፍል መሸፈን እንጂ ማመን አይገባም።

የአሰሳ ካርታ

የአቻ ቡድኑ መዝገብ ጥቂት ከሆነ ነጥቦቹ በከርነል ተለስልሰው አሰሳው የት እንደበዛ የሚያሳይ የጥግግት ራስተር ይሆናሉ፤ ዳራው በዚያ ክብደት ይወጣል፦

```r
bg <- terra::spatSample(bias, 10000,
  method = "weights", na.rm = TRUE, xy = TRUE)
```

በማክሴንት ፕሮግራም ራስተሩ `biasfile` በሚለው ይገባል፤ ስፋቱና የፒክስል መጠኑ ከአየር ንብረት ንጣፎቹ ጋር አንድ መሆን አለበት፣ ዜሮና አሉታዊ ቁጥርም አይቀበልም። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በማለስለሻው ስፋት ላይ ነው። በጣም ሲሰፋ ካርታው ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ እኩል ዕድል ይመልስዎታል፤ በጣም ሲጠብ የአቻ ቡድን ዳራው ራሱ ይሆናል። ሁለት ሦስት ስፋት ሞክሮ ካርታዎቹን ማስተያየት ግድ ነው።

የትኛው እንደተሻለ በኤዩሲ እንዴት ይታወቃል?

እያንዳንዱ ሞዴል በራሱ ዳራ ያገኘውን ኤዩሲ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ስህተት ነው። እንዲያ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ያልታረመው ሞዴል ነው፤ የመፈተኛ ነጥቦቹም መንገድ ዳር ስለሆኑ አድልዎው ራሱን ይሸልማል። ከእርማት በኋላ ኤዩሲ መውረዱ ብቻውን የውድቀት ምልክት አይደለም።

የዳራ ስፋት ብቻውን ምን እንደሚያደርግ በትንሽ ቁጥር እንይ። አራት መገኛዎች 0.9፣ 0.7፣ 0.6 እና 0.4፤ አምስት የዳራ ነጥቦች 0.8፣ 0.65፣ 0.5፣ 0.3 እና 0.2 ውጤት አላቸው። ከ20 ጥንዶች በ14ቱ መገኛው ይበልጣል፤ ኤዩሲ 0.70። አሁን ወፉ ሊኖርባቸው ከማይችሉ ሩቅ ቦታዎች ውጤታቸው 0.01 የሆነ አምስት ነጥቦች ይጨመሩ። 34 ከ40፣ ማለትም 0.85። ሞዴሉ አልተለወጠም፤ የሰፋው ካርታው ነው።

ስለዚህ ለሁሉም እጩዎች አንድ ዓይነት ፈተና ይዘጋጅ፦ የተሳሱ የመፈተኛ መገኛዎችና አንድ የተወሰነ የአቻ ቡድን ዳራ፣ ከሥልጠናው ተለይቶ። ክፍፍሉ በዕጣ ሳይሆን በቦታ ብሎክ ይሁን። በዕጣ ሲከፈል የመፈተኛው ነጥብ ከሥልጠናው ነጥብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ ስለሚቀመጥ ፈተናው መልሱን የያዘ ነው። ለዚህ `blockCV` ውስጥ ያለው `cv_spatial` ይበቃል፤ `size` የሚሰጠው በሜትር ነው፣ በኪሎ ሜትር ያስገባ ሰው እጅግ ደቃቃ ብሎክ ይደርሰዋል። የሥልጠናው ኤዩሲ ከፈተናው በጣም ከራቀ ሞዴሉ ነጥቦቹን ሸምድዷል፤ የሞዴሉን ውስብስብነት የሚገታውን የማክሴንት `betamultiplier` ከ1 ወደ 2 ወይም 3 ከፍ ማድረግ ይሞከር።

ሁሉም ዝርያ 0.9 ላይ ሊደርስም አይችልም። መፈተኛው ከመላው መሬት እኩል የተወሰደ ዳራ ሲሆንና ዝርያው በእርግጥ ከመሬቱ 40 በመቶውን የሚይዝ ከሆነ፣ ጣሪያው 1 − 0.4/2 = 0.8 ነው፤ ከዚያ ዳራ 40 በመቶው ዝርያው በእርግጥ ያለበት ቦታ ነውና። እንዲህ ላለ ሰፊ ዝርያ 0.78 ግሩም ውጤት ነው፤ 0.95 ከታየ ደግሞ መጀመሪያ የሚመረመረው የመዝገቦቹ ካርታ ከመንገድ ካርታው ጋር ተደርቦ ነው።