ስታር ወይስ ዴልታ፦ በአዳማ የአንድ ዳቦ ቤት ምድጃ

አዳማ ያለ አንድ ዳቦ ቤት ምድጃ እያንዳንዳቸው 38 ኦም የሆኑ ሦስት ማሞቂያዎች አሉት እንበል፤ ከሚመግቡት ሦስት መስመሮች በሁለቱ መካከል ያለው ቮልቴጅ 380 ነው።

በስታር፣ ማለትም የሦስቱም አንድ ጫፍ በአንድ ነጥብ ተጋጥሞ ሌላው ጫፋቸው ከየመስመሩ ሲገናኝ፣ አንዱ ማሞቂያ የሚያገኘው 380 ለ1.73 ተካፍሎ 220 ቮልት ያህል ብቻ ነው። የሚያልፍበት 5.8 አምፒር ግን ሳይለወጥ በመስመሩም ይፈስሳል።

በዴልታ፣ ማለትም እያንዳንዱ ማሞቂያ በሁለት መስመሮች መካከል ሲገናኝ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ማሞቂያው ሙሉውን 380 ቮልት ያገኛል፤ 10 አምፒር ያልፍበታል። መስመሩ ግን ሁለት ማሞቂያዎችን ስለሚመግብ 17.3 አምፒር ይሸከማል። 20 የማይሆነው የሁለቱ ጅረቶች ከፍታ በአንድ ቅጽበት ስለማይገጥም ነው። ኃይሉም ከ3.8 ወደ 11.4 ኪሎዋት ያድጋል።

ምድጃው ቶሎ ሳይሞቅ ዳቦው ከዘገየ እኔ አስቀድሜ የማየው ግንኙነቱን ነው። ለ220 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ ግን በዴልታ ከተገናኘ ይቃጠላል፤ ከመቀየር በፊት በላዩ የተጻፈው ቮልቴጅ ይነበብ።