ለቁጡ ጥያቄ፦ እዚያው መመለስ ወይስ ለኋላ ማቆየት?

የማዳበሪያ ሙከራ ውጤት አቅርበው ሲጨርሱ አንድ ተሰብሳቢ «ይህ ሁሉ የገንዘብ ብክነት ነው! መንገዳችንስ መቼ ነው የሚሠራው?» ቢልዎ፣ ሁለት ጥያቄ ነው የጠየቀው።

የወጪው ጉዳይ የእርስዎ ርዕስ ስለሆነ፣ አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም እዚያው ይመለሳል። «ብክነት» የሚለውን ሳይደግሙ «ጥያቄዎ ወጪው ከምርቱ ጋር ይመጣጠናል ወይ ነው» ብለው ያስተካክሉትና በ30 ሰከንድ ገደማ ይመልሱ። ሲጨርሱ ዓይንዎን ወደ ሌሎች ያዙሩ፤ እሱኑ እያዩ ካቆሙ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፣ ነገሩም የሁለት ሰው ክርክር ይሆናል።

ማቆየት የሚበጀው ለመንገዱ ነው፦ «እሱ ከእኔ ሥራ ውጭ ነው፤ ስንጨርስ በር ላይ እንነጋገር።» ከባዱን ጥያቄ ግን በዚህ ዘዴ ካለፉት አዳራሹ ሽሽት መሆኑን ይነቃል፤ ቀጣዩ ጠያቂ ያንኑ መልሶ ካነሳው ያኔ ይወቁት። ቀጠሮ ከሰጡም በሩ ላይ መገኘት ግድ ነው።