ሳምንታዊ ክፍያን በ4 አባዝታችሁ ብድር እንዳትወስዱ

100,000 ብር ለ2 ዓመት መበደር ፈልጌ ሁለት ቦታ ጠየቅሁ። የመጀመሪያው አበዳሪ «በወር 4,992 ብር ትከፍላለህ» አለኝ። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው፣ የሚታሰበውም በቀሪው ዕዳ ላይ ነው። ሁለተኛው ስለ ወር አላወራም። «በሳምንት 1,240 ብር ብቻ» አለኝ። እዚያው ስልኬን አውጥቼ በ4 አባዛሁት። 4,960 መጣ። ከመጀመሪያው በ32 ብር ያንሳል። «በዚያ ላይ በየሳምንቱ ስለምትከፍል ወለዱ ይቀንስልሃል» ሲለኝ ሌላ ምንም አልጠየቅሁም። ፈረምኩ።

ስህተቴ የገባኝ በሦስተኛው ወር ነው። የምከፍለው ሰኞ ሰኞ ነበር፤ ያ ወር ደግሞ 5 ሰኞ ነበረው። ደሞዜ ግን ያው በወር አንዴ ነው። ለብድሩ ብዬ ለብቻ ያስቀመጥኳት 4,960 ብር በአራተኛው ሰኞ አለቀች። አምስተኛው ሰኞ ሲመጣ እጄ ላይ ምንም አልነበረም። የመዘግየት ቅጣት ተጨመረብኝ። ቅጣቱን የከፈልኩ ዕለት ማታ ቁጭ ብዬ ሂሳቡን እንደገና ሠራሁት።

ዓመት 52 ሳምንት አለው። ወሩ በ4 ሳምንት ብቻ ቢያልቅ ኖሮ 12ቱ ወር 48 ሳምንት ይሆን ነበር። የቀሩት 4 ሳምንታት የትም አልጠፉም። በየዓመቱ አራት ወራት፣ አንዳንዴም አምስት፣ 5 የክፍያ ቀን ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ሳምንታዊ ክፍያን ወደ ወር መቀየር ስትፈልጉ ስሌቱ ይሄ ነው፦

```
በሳምንት:       ክፍያ × 52 ÷ 12
በየ2 ሳምንት:    ክፍያ × 26 ÷ 12
```

የእኔን አስገቡት። 1,240 በ52 ሲባዛ 64,480፣ በ12 ሲካፈል 5,373 ብር። «ርካሽ» ያልኩት ብድር ከመጀመሪያው በወር 381 ብር ይበልጥ ነበር። በ2 ዓመት 104 ጊዜ ስከፍል በድምሩ 128,960 ብር ይወጣል። መጀመሪያ የጠየቅሁት ጋ ብበደር 119,818 ነበር የምከፍለው። ልዩነቱ ከ9,100 ብር በላይ ነው። ይህ ሁሉ የመጣው በ4 በማባዛቴ ነው።

«በየሳምንቱ ስትከፍል ወለዱ ይቀንሳል» የሚለውስ? ይሄ ውሸት አይደለም። ዕዳው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀንስ ወለድ የሚታሰብበት ገንዘብም ያንሳል። ጥያቄው ምን ያህል ይቀንሳል የሚለው ነው። ያንኑ 100,000 ብር በዚያው በ18 በመቶ ለ2 ዓመት በሳምንት ብንከፍለው ክፍያው 1,147 ብር አካባቢ ይሆናል። ጠቅላላ ወለዱ 19,249 ብር ይመጣል። በወር ሲከፈል 19,818 ነበር። ያተረፍነው 569 ብር ነው፣ ያውም በ2 ዓመት። አያችሁ? ቶሎ ቶሎ መክፈል ብቻውን የሚያመጣው ጥቅም ትንሽ ነው። እኔ ለዚያች ጥቅም ብዬ ትክክለኛው ወለዱ በዓመት 26.4 በመቶ የሆነ ብድር ወሰድኩ።

በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። «የወሩን ግማሽ በየሁለት ሳምንቱ ክፈል፣ ብድሩ ቶሎ ያልቃል፣ ብዙ ወለድ ታተርፋለህ» ይሏችኋል። እውነት ነው፣ ቶሎ ያልቃል። በዚያው የ18 በመቶ ብድር ላይ 2,496 ብር በየሁለት ሳምንቱ ብትከፍሉ በ24 ወር ፋንታ ወደ 22 ወር ገደማ ያልቃል። ወለዱም 2,300 ብር አካባቢ ይቀንሳል። ግን ከየት መጣ? በዓመት 26 ግማሽ ክፍያ ማለት 13 ሙሉ ክፍያ ነው። ሳይታወቃችሁ በየዓመቱ አንድ ተጨማሪ ወር እየከፈላችሁ ነው። ከቅናሹ ክፍያው በመደጋገሙ ብቻ የመጣው ከ400 እስከ 500 ብር ገደማ ነው፤ የቀረው የራሳችሁ ተጨማሪ ገንዘብ ሥራ ነው። አቅሙ ካላችሁ በወር ከምትከፍሉት ላይ 416 ብር ብትጨምሩ ወደ 1,800 ብር ወለድ ታድናላችሁ። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ «ልዩ ፕሮግራም» የመመዝገቢያ ወይም የአገልግሎት ክፍያ ሲጠይቋችሁ እባካችሁ አትክፈሉ። ውሉ ተጨማሪ ክፍያ ያለ ቅጣት እንደሚቀበል አረጋግጡና ራሳችሁ ጨምራችሁ ክፈሉ።

«በየሁለት ሳምንቱ» እና «በወር ሁለቴ» አንድ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው በዓመት 26 ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው 24። በአንድ ዓመት ውስጥ የሁለት ክፍያ ልዩነት አለው። ውሉ ላይ የተጻፈው የትኛው እንደሆነ በጣታችሁ እየጠቆማችሁ አንብቡ።

አንዳንድ አበዳሪ ደግሞ ገንዘቡን በየሳምንቱ ይቀበልና ከዕዳው ላይ የሚቀንሰው ወር ሲሞላ ነው። ያኔ ያቺ 569 ብርም የለችም። የሂሳብ መግለጫችሁን ተመልከቱ። ቀሪ ዕዳው በእያንዳንዱ ክፍያ ካልወረደ፣ በወር አንዴ ብቻ የሚወርድ ከሆነ፣ ገንዘባችሁ እነሱ ጋ ዝም ብሎ ተቀምጧል ማለት ነው።

እኔ ከመፈረሜ በፊት ልይዘው የሚገባኝ ነገር እጄ ላይ ነበር። ከውሉ ጋር ባያያዙት የክፍያ ሰንጠረዥ የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ ክፍያ 1,240፣ ወለድ 508፣ ከዋናው የሚቀነስ 732። 508ን በ52 አባዙትና ለ100,000 አካፍሉት። 26.4 በመቶ ይመጣል። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በ18 በመቶ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ሳምንት ወለድ 346 ብር ነበር መሆን ያለበት።

ይህ መፈተሻ የሚሠራው ግን የወለዱ ዓምድ ከመስመር መስመር እየቀነሰ ሲሄድ ብቻ ነው። የእኔ ሁለተኛው መስመር 504 ይላል፣ ስለዚህ ይሠራል። በሁሉም መስመር ላይ ወለዱ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ወለዱን የሚያስቡት መጀመሪያ በወሰዳችሁት ሙሉ ብድር ላይ ነው። ይህንኑ የእኔን ብድር እንደዚያ ቢጽፉት በየሳምንቱ 278 ብር ወለድ ይሆንና መፈተሻው 14.5 በመቶ ያሳያችኋል፤ ከኪሳችሁ የሚወጣው ግን ያው 128,960 ነው። እንዲያ ሲያጋጥማችሁ መቶኛውን ተዉት። አንዱን ክፍያ በክፍያዎቹ ብዛት አባዙ፣ የተበደራችሁትን ቀንሱ፣ የቀረውንም በተመሳሳይ ጊዜ ከሚያልቅ ሌላ ብድር ጋር አስተያዩት። ሰንጠረዡን ከመፈረማችሁ በፊት አንሰጥም ካሏችሁ ግን ብዕሩን አስቀምጣችሁ ውጡ።