ከመስታወት ጋር የተጣበቀ የሠርግ ፎቶ ለፎቶ ቤት ልትሰጡ ከሆነ መጀመሪያ ይቺን አንብቡ

«አትጨናነቅ አቦ፣ ፊቷን ከሌላ ፎቶ እናመጣለን።»

ዛሬ ከሰዓት እዚሁ ድሬ አንድ ፎቶ ቤት የተሰጠኝ መልስ ይሄ ነው። የምትመጣው ፊት የእናቴ ናት፣ ያውም የጥር 1978 ሙሽራ ፊት። ከየት እንደሚያመጣት ብጠይቀው መታወቂያዋን አምጣ አለኝ።

የፎቶ ቤቶቻችንን ወግ ታውቁታላችሁ። ቀብድ ይቀበላሉ፣ ሐሙስ ና ይሏችኋል፣ ሐሙስ ስትሄዱ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ከዚያ ኤዲተሩ በርጫ ላይ ነው። ይሄን ለምጄዋለሁ፣ የተናደድኩትም በቀጠሮ አይደለም። ያናደደኝ ደብዳቤ ጽፌ መስጠቴ ነው። በቃል ብቻ ብናገር ኖሮ «አልሰማንም» ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ እንዲህ ብዬ ጽፌላቸዋለሁ፦

«ይህ 13 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሠርግ ፎቶ በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ከነፍሬሙ ርሶ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ለ40ኛ ዓመት የጋብቻ በዓል በ50 በ70 አድጎ እንዲታተም እፈልጋለሁ። እባካችሁ ከመስታወቱ አታላቅቁት፤ ከነመስታወቱ በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉት። የጠፋው የቬሎው ጫፍና የጀርባው መጋረጃ ይጠገን። ፊታቸው ላይ ግን ምንም አይነካ፣ አይለስልስ።»

«አታላቅቁት» ያልኩት በከንቱ አይደለም። የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስሉ ያለው ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ በተቀባ ስስ የጄላቲን ሽፋን ውስጥ ነው። ጄላቲን ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነገር ነው፣ ሙጫ በሉት። ውሃ ሲነካው ያብጥና ይለሰልሳል፤ መስታወት ተደግፎ ሲደርቅ ደግሞ ከመስታወቱ ጋር አንድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሽፋኑ መስታወቱን የሚይዘው ወረቀቱን ከያዘው በላይ ነው። ስትስቡት ወረቀቱ ባዶውን ይመጣል፣ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት የሚሉም አሉ። የኛው ፎቶ የሙሽራዋ ከንፈርና የእቅፍ አበባዋ በእጅ ቀለም የተቀባ ስለነበር ለዚያም አልደፈርኩም፤ ያ ቀለም ውሃ ካገኘው ይሄዳል።

አሁን ወደ ዛሬዋ ሰዓት ልመለስ። ስገባ የፎቶ ቤቱ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። በግራ እጁ መስታወቱን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ ይዞታል፣ በቀኝ እጁ ምላጭ። መሃል ላይ ቡኒ ነገር ተጣብቋል፣ እሱን ይፍቃል። ሲፍቀው እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ እየተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል። ለካ የሚፍቀው እናቴን ነው። ፎቶው አጠገቡ ተቀምጧል፤ አባቴ ሙሉ ነው፣ የሚዜዎቹም ትከሻ አለ፣ ከቬሎው በላይ ግን ነጭ ወረቀት ብቻ። ደንግጬ ስጮህ ዞር ብሎ እርጥብ ጨርቅ አነሳና የቀረውን ወለወለው። «መስታወቱንም አጽድቼልሃለሁ» አለኝ። ምስጋና ጠብቆ ነው፣ ወላሂ!

ሁለት ጥፋት መሆኑን ልብ በሉ። መላጡ አንድ ነው። ግን ከተላጠም በኋላ ፊቷ አልጠፋም ነበር፤ መስታወቱ ላይ ነበር። እንዲያ የቀረ ምስል ከኋላው ወረቀት ስለሌለው ደብዝዞ ቡኒ ቆሻሻ ይመስላል እንጂ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ከኋላው ብታስጠጉለት ከመስታወቱ ፊት ለፊት እንደገና ይታያል። ስካን አድርጎ ከቀረው ፎቶ ጋር በፎቶሾፕ መግጠም ይቻል ነበር። እሱ ግን በጨርቅ ጨረሰው። ስካን አድርጋችሁት ነበር ወይ ስል ካሸሯ ቀና ሳትል «መጀመሪያ መጽዳት አለበታ» አለች።

ደብዳቤውስ? ከደረሰኙ ጋር በስቴፕለር ተመትቶ ካሸሯ መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ እጥፉ እንኳ አልተፈታም። ልጁ ዘንድ የሄደው የትእዛዝ ወረቀት «1 ፎቶ፣ 50 በ70» ይላል፣ በቃ። እዚህ ላይ ቂሉ እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ዝርዝር ጽፎ ለካሸር የሚሰጥ ሰው! ፎቶውንስ በስልኬ አንድ ጊዜ ባነሳው ምን ነበረበት?

መስታወቱ ስካን አያስደርግም የሚሏችሁ ደግሞ ግማሽ እውነት አላቸው። ከፕሪንተር ጋር አብሮ የሚመጣው ስስ ስካነር ገጹን የነካውን ብቻ ነው አጥርቶ የሚያየው፤ ሁለት ሚሊ ሜትር የመስታወት ውፍረት መሃል ከገባ ያደበዝዛል። ወፈር ያለው የቆየው ዓይነት ግን ያየዋል። እሱም ከሌለ በካሜራ ይነሳል። ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ገደማ ታቆማላችሁ፣ ካሜራውን ፊት ለፊት ቀጥ ታደርጋላችሁ፣ ካሜራው ራሱ መስታወቱ ላይ እንዳይታይ ሌንሱ ብቻ የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው ጥቁር ጨርቅ ከካሜራው ፊት ትሰቅላላችሁ። የተጣበቀው ቦታ ጠቆር፣ ያልተጣበቀው ፈዘዝ ብሎ ይወጣል፤ እሱን ማስተካከል የማንኛውም ኤዲተር የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አሁን የቀረን ቅጂ አንድ ብቻ ነው፤ እህቴ ከዓመታት በፊት በስልክ አንስታ በቴሌግራም የላከችው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ያሳንሰዋል፣ የኛው በረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ነው። 600 ዲፒአይ ስካን ተደርጎ ቢሆን ያው ጎን 4250 ገደማ ይሆን ነበር፤ በ70 ሴንቲ ሜትር ሲታተም ለአንድ ኢንች 154 ነጥብ ይደርሰዋል፣ ግድግዳ ላይ ለሚታይ በቂ ነው። በ1280ው ግን 46 ብቻ፤ የዓይኗ ሽፋሽፍት አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከሷ የሚወጣው የድሮው 13 በ18 ብቻ ነው።

እነሱ ግን አልተዉኝም። ከመታወቂያው የተቀጠለውን ናሙና ኮምፒውተር ላይ አሳዩኝ። ትከሻዋ ላይ ብርሃኑ ከግራ ነው፣ ፊቷ ላይ ከፊት ለፊት። የሃያ ዓመት አንገት ላይ የስልሳ ዓመት ፊት። አባቴ አጠገቧ የገዛ ልጇን መስሎ ቆሟል። «አምሯል» ይላሉ ለሁለት። 2,000 ብር ቀብዱን መልሱ ስል ሥራው ተጀምሯል አሉኝ።

ለምትሰጡ ሰዎች፦ ትእዛዙን በፕላስተር መስታወቱ ራሱ ላይ ለጥፉት፣ «አይላጥ» ብላችሁ በደማቁ። ስካኑን ቆማችሁ አስደርጉ፣ ፋይሉን በፍላሽ ተቀበሉ፣ ኦሪጅናሉን በዚያው ቀን ይዛችሁት ውጡ፤ ለማሳደግ ፋይሉ ይበቃቸዋል። በቴሌግራም ከላካችሁም እንደ ፋይል እንጂ እንደ ፎቶ አትላኩ። ቀድሞ የተላጠባችሁ ካላችሁ ደግሞ መስታወቱን ጨርቅ ሳይነካው ከእጃቸው ንጠቁ።